ሞኒተሩ 144 ሄርዝ ነው፤ ኮምፒውተሩስ ስንት እየላከለት ነው?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኮምፒውተር የሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ ጥጉ ላይ «144Hz» ወይም «165Hz» የሚል የተለጠፈበት ሞኒተር ታያላችሁ። ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞ ይገዛል፣ ቤቱ ወስዶ ይሰካል፣ ስክሪኑ ይበራል፣ ምስሉም ጥርት ይላል። ከዚያ በኋላ የቀረ ሥራ ያለ አይመስልም። ግን ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል መቀየር እየቻለ ኮምፒውተሩ 60 ብቻ እየላከለት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የስህተት መልእክት አይመጣም፣ ማስጠንቀቂያም አይታይም። ባለቤቱ የከፈለበትን ነገር ሳያገኝ ወራት ያልፋሉ።

እኔን የሚያሳዝነኝ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ በአንድ ገመድ ወይም በሁለት ደቂቃ ሥራ የሚፈታ መሆኑ ነው። ለመፍታት ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል፦ ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ የሄርዝ ዝርዝር የሚያቆምበት ቁጥር ማነቆው የት እንዳለ ይጠቁማል። 60 ላይ ሲያቆም የምትፈልጉበት ቦታና 120 ላይ ሲያቆም የምትፈልጉበት ቦታ የተለያዩ ናቸው።

## ሄርዝ ሲባል ምን ማለት ነው?

ስክሪን ላይ የምናየው እንቅስቃሴ የቆሙ ምስሎች ተከታትለው ሲቀያየሩ የሚፈጠር ነው። ሞኒተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የሚነግረን ቁጥር ሪፍሬሽ ሬት ይባላል፣ መለኪያው ሄርዝ ነው። 60 ሄርዝ ላይ አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። 144 ሄርዝ ላይ ወደ 7 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። ማውሱን በፍጥነት ከግራ ወደ ቀኝ ስትወስዱ ቀስቷ 60 ላይ ተራርቀው እንደተቀመጡ ቀስቶች ሆና ትታያለች። 144 ላይ ግን ክፍተቱ ይጠባል፣ ረጅም ጽሑፍ ወደ ታች ስትገፉም ፊደሎቹ ብዙም ሳይደበዝዙ ይወርዳሉ።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ቁጥር አለ፣ ኤፍፒኤስ ይባላል። ኤፍፒኤስ ኮምፒውተሩ በሰከንድ ስንት ምስል ሠርቶ እንዳወጣ ይናገራል፤ ሄርዝ ደግሞ ሞኒተሩ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ፣ ወደ ጌም ስንመጣ ያስፈልጉናል።

## ዊንዶውስ ለምን ራሱ ትልቁን ቁጥር አይመርጥም?

እያንዳንዱ ሞኒተር ውስጥ ስለ ራሱ የሚናገር ትንሽ መረጃ ተቀምጧል፣ ኢዲአይዲ ይሉታል። ገመዱን ስትሰኩ ኮምፒውተሩ ያንን መረጃ በገመዱ በኩል ያነባል። እዚያ ውስጥ ሞኒተሩ የሚችላቸው መጠኖችና ሄርዞች ተዘርዝረዋል፣ ከእነሱ መካከልም አንዱ «ተመራጭ» ተብሎ ተለይቷል። ብዙ አምራቾች ተመራጭ አድርገው የሚያስቀምጡት 60ን ነው፤ ምክንያቱም አሮጌም ይሁን አዲስ፣ የትኛውም ኮምፒውተር 60 መላክ አያቅተውም። ሞኒተሩ ተሰክቶ ጥቁር ከሚሆን ቢያንስ በ60 ይብራ ብለው ነው።

ዊንዶውስም ያንን ተቀብሎ በ60 ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚቀይረው ባለቤቱ ነው።

## የት ገብቼ ነው የምቀይረው?

ዊንዶውስ 11 ላይ «Settings» ከፍታችሁ «System»፣ ቀጥሎ «Display» ትገባላችሁ። ወደ ታች ወርዳችሁ «Advanced display» የሚለውን ስትነኩ «Choose a refresh rate» ከሚለው ጎን የሚከፈት ዝርዝር ታገኛላችሁ። ሁለት ስክሪን ካላችሁ መጀመሪያ ከላይ ትክክለኛውን ሞኒተር መምረጣችሁን አትርሱ፤ የላፕቶፑን ስክሪን ቀይሮ «ምንም ለውጥ የለም» የሚል ሰው ብዙ ነው።

ዊንዶውስ 10 ላይ መንገዱ ትንሽ ይረዝማል። በዚያው «Display» ገጽ «Advanced display settings» ውስጥ ገብታችሁ «Display adapter properties» የሚለውን ትነካላችሁ፤ አዲስ መስኮት ሲከፈት «Monitor» ወደሚለው ክፍል ስታልፉ የሄርዙ ዝርዝር እዚያ ነው።

144ን ስትመርጡ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠፋና ተመልሶ «Keep these display settings?» ብሎ ይጠይቃል። «Keep changes» ካላላችሁ በ15 ሰከንድ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ አትደንግጡ፣ ምንም ሳትነኩ ጠብቁት። 143.98 ወይም 59.94 የሚል ቁጥር ካያችሁም ጉድለት አይደለም፣ 144 እና 60 ማለት ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ 144 ካለና ከመረጣችሁት የብዙ ሰው ችግር እዚህ ላይ ያልቃል። አስቸጋሪው 144 ጭራሽ ሳይኖር ሲቀር ነው።

## ዝርዝሩ ውስጥ 144 ከሌለስ?

ምስሉ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ሞኒተሩ እስኪደርስ ብዙ ነገር ያልፋል፦ የግራፊክስ ክፍሉ፣ የኮምፒውተሩ ቀዳዳ፣ ኮንቨርተር ካለ ኮንቨርተሩ፣ ገመዱ፣ ከዚያ የሞኒተሩ ቀዳዳ። ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ ውሃ ወደ ቤት ሲወርድ ቧንቧው በሙሉ ሰፊ ሆኖ አንድ ክንድ የምታህል ቀጭን ቧንቧ መሃል ላይ ብትገባ፣ ከቧንቧው ጫፍ የምታገኙት በዚያች ቀጭን ቧንቧ የሚያልፈውን ያህል ብቻ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው። ኮምፒውተሩ ማሳለፍ የማይቻለውን ቁጥር ዝርዝሩ ውስጥ አያስገባውም።

እንግዲህ ጥቂት ስሌት እንሥራ። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በ60 ሄርዝ ሲላክ፣ በየመስመሩና በየምስሉ መካከል የሚተወው ባዶ ጊዜ ተጨምሮ፣ በሰከንድ 148.5 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። 120 ሄርዝ ላይ እጥፉ ነው፣ 297 ሚሊዮን። 144 ላይ ባዶ ጊዜው ተቀንሶም እንኳ በተለመደው አሠራር 346 ሚሊዮን አካባቢ ይደርሳል።

አሁን እነዚህን ከመንገዱ ስፋት ጋር አስተያዩአቸው። ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይፖርት የሚባሉት ምስል የሚያልፍባቸው ሁለት የተለያዩ የቀዳዳና የገመድ ዓይነቶች ናቸው። አሮጌና ርካሽ የሆነው ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ኮንቨርተር የሚያሳልፈው 165 ሚሊዮን ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 የሚባለው ደረጃ 340 ሚሊዮን ያሳልፋል። ኤችዲኤምአይ 2.0 ደግሞ 600 ሚሊዮን። ኮንቨርተሩ 148.5ን አሳልፎ 297ን ሊያሳልፍ አይችልም፣ ስለዚህ 60 ላይ ያቆማል። ኤችዲኤምአይ 1.4 ደግሞ 297ን አሳልፎ 346 ላይ ለጥቂት ይሸነፋል፣ ስለዚህ 120 ላይ ያቆማል። አንዳንድ አምራቾች ባዶውን ጊዜ የበለጠ አጥብበው በ1.4ም 144 ያወጣሉ፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም።

የሚያቆምበት ቁጥር ይጠቁማል ያልኩት ለዚህ ነው። 120 ካያችሁ ድራይቨር፣ ማለትም ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ስታወርዱ አትዋሉ፣ ቀዳዳውን ተመልከቱ። 60 ብቻ ካያችሁ ግን መጀመሪያ መሃል ላይ የገባ ኮንቨርተር ወይም ቪጂኤ እንዳለ፣ ቀጥሎ የግራፊክስ ድራይቨሩ መጫኑን መርምሩ።

## በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ምን ይመስላል?

ኮምቦልቻ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት ባለ 24 ኢንች፣ 144 ሄርዝ ሞኒተር ገዛ። ኮምፒውተሩ እኛ ዘንድ በብዛት ከሚገኙት፣ ውጭ አገር ቢሮ ሲሠራባቸው ቆይተው ከሚመጡት ትናንሽ ሳጥኖች አንዱ ነው፤ 6ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር አለው፣ ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ ግን የለውም። ከኋላው አንድ ኤችዲኤምአይና ሁለት ዲስፕሌይፖርት አለ። ሱቁ ሲሸጥለት ከሞኒተሩ ጋር የኤችዲኤምአይ ገመድና አንዲት ጣት የምታህል ኮንቨርተር ሰጥቶታል፣ እሱም በዲስፕሌይፖርቱ ላይ ኮንቨርተሯን፣ በኮንቨርተሯ ላይ ገመዱን ሰክቶ ሲሠራ ከርሟል።

«ጋሼ፣ ይኼ ሞኒተር ከድሮው በምን ተለየ? እኔ ምንም አላየሁበትም» አለኝ።

«አብሽር፣ ሞኒተሩ ደህና ነው» አልኩት፣ «መጀመሪያ ዝርዝሩን ክፈተው።»

ዝርዝሩ 60 ላይ ያቆማል። ድራይቨሩ መጫኑን አየን፣ «Intel HD Graphics 530» ይላል፣ ደህና ነው። እንግዲህ የቀረችው ኮንቨርተሯ ናት። እሷን አውጥተን የኤችዲኤምአይ ገመዱን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ላይ ሰካነው። ዝርዝሩ ወዲያው ረዘመ፣ 100 እና 120 ተጨመሩ። አንድ ብር ሳይወጣ እጥፍ ማለት ነው። 144 ግን የለም፣ ምክንያቱም የዚያ ኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ገመድ መግዛት ነበር። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ዲስፕሌይፖርት፣ መሃሉ ላይ ምንም የሌለበት። የዚያ ኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርት 1.2 ነው፣ በ1920 በ1080 ለ144 ከበቂ በላይ ቦታ አለው። ገመዱ ተሰክቶ ዝርዝሩ ሲከፈት 144 መጨረሻው ላይ ተቀምጧል። መርጦት ማውሱን አንዴ ወዲያ ወዲህ አደረገና ዝም ብሎ ቪዲዮ ማቀናበሪያውን ከፍቶ ሥራውን ወደ ጎን እየገፋ ማየት ጀመረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ዴስክቶፑን በ144 ለማየት ውድ ግራፊክስ ካርድ አያስፈልግም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የመጣው በቂ ነው፣ መውጫው ካላነቀው። ሁለተኛ፣ ገመድ ስትገዙ አንዱ ጫፍ ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነውን አትግዙ። እሱ ውስጡ ኮንቨርተር አለው፣ ደግሞም አቅጣጫው አንድ ነው፦ ከኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተር ኤችዲኤምአይ። ገልብጣችሁ ከኮምፒውተር ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተር ዲስፕሌይፖርት ብትሰኩት ምንም ምስል አይመጣም።

## ግራፊክስ ካርድ ያለው ሰውስ?

ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ከኋላው ሁለት ቦታ የምስል ቀዳዳ አለው። አንዱ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ በቁም የተደረደረው የማዘርቦርዱ ነው። ሌላው ወደ ታች ወረድ ብሎ በአግድም ያለው የካርዱ ነው። ገመዱ የሚሰካው ካርዱ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ማዘርቦርዱ ላይ ቢሰካም ምስሉ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ ማንም አይጠረጥርም፤ ግን የምትጠቀሙት በማዘርቦርዱ ቀዳዳ አቅም ብቻ ነው፣ ካርዱም በአግባቡ ላይሠራላችሁ ይችላል።

ካርዱ ስንት ያሳልፋል ለሚለው፣ ከኤንቪዲያ 900 ተከታታይ፣ ለምሳሌ ጂቲኤክስ 960፣ ወዲህ ያሉት ኤችዲኤምአይ 2.0 አላቸው። ጂቲኤክስ 750 ቲአይና ከእሱ በፊት ያሉት 1.4 ናቸው። በኤኤምዲ በኩል አርኤክስ 400 ተከታታይ ከወጣበት ከ2016 ወዲህ ያሉት 2.0 ናቸው። ግን ካርዱ 2.0 ሆኖ የሞኒተሩ ኤችዲኤምአይ 1.4 ሊሆን ይችላል፤ በርካሽ 144 ሄርዝ ሞኒተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ ብዙ ጥያቄ ይቀርላችኋል። 2560 በ1440 የሆነ ሞኒተር ለገዛ ሰውማ ኤችዲኤምአይ 2.0 ራሱ 144 ላይ ጫፉ ላይ ስለሚደርስ ዲስፕሌይፖርት መጠቀሙ ግድ ነው ማለት ይቻላል።

የኤንቪዲያ ካርድ ያላቸው ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ቦታ አለ። «NVIDIA Control Panel» ውስጥ «Change resolution» ስትገቡ የመጠኖቹ ዝርዝር በሁለት ይከፈላል። ከላይ «Ultra HD, HD, SD» የሚል አለ፣ እሱ ለቴሌቪዥን የተለመዱት ናቸው፤ ዝቅ ስትሉ «PC» የሚል አለ። 1920 በ1080 ሁለቱም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ከላይኛው ስትመርጡ በጎኑ የሚመጣው ሄርዝ 60 ወይም ቢበዛ 120 ይሆናል፣ «PC» ከሚለው ስር ያለውን ስትመርጡ ግን 144 ይመጣል። ዝርዝሩን እስከ ታች ሳይወርድ «ካርዴ አይችልም» ብሎ የሚተው ሰው አለ፣ አደራ እስከ ታች ውረዱ።

## ድራይቨር የሚባለው ምን ያገባዋል?

ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን ግራፊክሱን ለይቶ እስኪያውቀው ድረስ በጊዜያዊ ድራይቨር ይሠራል። «Device Manager» ውስጥ «Display adapters» ስር «Microsoft Basic Display Adapter» ተጽፎ ካያችሁ እሱ ነው። በእሱ ላይ እያላችሁ የሄርዝ ምርጫ አይኖራችሁም፣ ገመድ ብትቀያይሩም ዋጋ የለውም። የኢንቴል፣ የኤንቪዲያ ወይም የኤኤምዲ ድራይቨር መጫን አለበት። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ፣ የኤንቪዲያው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው፣ ኔት ባለበት ቦታ በፍላሽ ይዞ መምጣት ይቀላል።

## ሞኒተሩ ራሱ የሚከለክልበት ጊዜ አለ?

አለ። ከሞኒተሩ ጀርባ ወይም ስር ባሉት ቁልፎች የሚከፈተውን ሜኑ ተመልከቱ። 165 ተብለው የተሸጡ አንዳንድ ሞኒተሮች ከፋብሪካ 144 ሆነው ይመጣሉ፣ 165 የሚሆኑት «Overclock» የሚል ምርጫ በሜኑው ሲበራ ነው። ሌሎች ላይ ደግሞ የዲስፕሌይፖርቱ ደረጃ 1.1 ተደርጎ ስለሚመጣ ወደ 1.2 ወይም ከዚያ በላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ 165 ገዝታችሁ ዝርዝሩ 144 ላይ ካቆመ ከገመዱ በፊት ሜኑውን ክፈቱ።

## መቀየሩን በምን አረጋግጣለሁ?

ከሁሉም የሚታመነው የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ነው። «Information» ወይም «Info» የሚል ክፍል ውስጥ አሁን እየተቀበለው ያለውን መጠንና ሄርዝ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ልኬያለሁ የሚለውን ሳይሆን ሞኒተሩ የደረሰውን ስለሚናገር እሱን እመኑ። ዊንዶውስ 11 ላይም «Advanced display» ውስጥ «Desktop mode» እና «Active signal mode» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ፤ ሁለተኛው በገመዱ ላይ እየሄደ ያለው ነው።

በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሰው testufo.com የሚባል ገጽ አለ። ሁለት ወይም ሦስት የጠፈር መንኮራኩሮች እላይና ታች ሆነው ይሄዳሉ፣ በየጎናቸው ፍጥነታቸው ተጽፏል። 144 ላይ ስትሆኑ የላይኛው ከሥሩ ካሉት ይልቅ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ገጹን ስትከፍቱ ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ፣ ኮምፒውተሩ ከተጨናነቀ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል።

ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ስክሪኑ በየጊዜው ለአንድ ሰከንድ እየጠፋ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ጥቁር ቦታ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ብልጭ ብልጭ ካሉ፣ ገመዱ አልቻለም ማለት ነው። ለመፈተሽ ወደ 120 ዝቅ አድርጉት፤ ከተሻለው ጥርጣሬው ወደ ገመዱ ነው። አጠር ያለ፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ገመድ ሞክሩ። ኤችዲኤምአይ ከሆነ «Premium High Speed» የሚል ምልክት ያለው ለ2.0 ሙሉ አቅም የተፈተነ ነው።

## 144 ሆኖ ሳለ ጌሙ ለምን አልተለወጠም?

አሁን ሄርዝና ኤፍፒኤስን የለየንበት ምክንያት ይመጣል። ሞኒተሩ በሰከንድ 144 ጊዜ ቢያድስም ኮምፒውተሩ ጌሙን ሠርቶ የሚያወጣው 45 ምስል ብቻ ከሆነ የምታዩት 45 የተለያየ ምስል ነው፤ የቀረው ያው ምስል እየተደገመ ነው። የኮምቦልቻው ኮምፒውተር ዴስክቶፑን በ144 ሲያሳይ ከባድ ጌም ቢጫንበት 144 ሊያወጣ አይችልም። እዚያ ላይ ማነቆው ግራፊክሱ ነው፣ ገመድም ቅንብርም አይፈታውም። የጌሙን የምስል ጥራት ዝቅ ማድረግ ግን ብዙ ይረዳል።

ካርዱ በቂ ሆኖም ኤፍፒኤሱ ልክ 60 ላይ ተቸንክሮ ከቀረ ጌሙ ውስጥ ግቡ። በሙሉ ስክሪን የሚከፈቱ ብዙ ጌሞች የራሳቸው የሄርዝ ምርጫ አላቸው፣ ዊንዶውስ ላይ የመረጣችሁትን ትተው በ60 ሊከፈቱ ይችላሉ። የኤፍፒኤስ ገደብ የሚል ምርጫም ካለ 60 ላይ ተቀምጦ እንደሆነ እዩት። እዚህም የሚቆምበት ቁጥር ይናገራል፦ 52፣ 67፣ 58 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ የአቅም ጉዳይ ነው፣ 60 ላይ ፍንክች ካላለ አንድ ቦታ የተቀመጠ ገደብ ነው።

ፊልምና የዩቲዩብ ቪዲዮ በአብዛኛው በሰከንድ 24፣ 25፣ 30 ወይም 60 ምስል ተደርገው የተቀረጹ ናቸው፣ 144 ላይ ስታዩአቸው ምስል አይጨመርላቸውም። አንድ ትንሽ ጥቅም ግን አለ። 60 ለ24 እኩል አይካፈልም፣ ስለዚህ አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩ ሦስት ጊዜ እየታየ ካሜራ ቀስ ብሎ ሲዞር መንገጫገጭ ይኖራል። 144 ላይ እያንዳንዱ ምስል ልክ ስድስት ጊዜ ስለሚታይ ያ ይጠፋል። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በ25 ወይም በ30 ከቀረጸ 144 ለሁለቱም እኩል አይካፈልም፤ ለ30ው 120 ሄርዝ መርጦ መሥራት ይሻለዋል፣ ልክ አራት ጊዜ ነውና። ለ25 ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ 100 ካለ እሱ ይስማማዋል።

## ላፕቶፕና ሊኑክስ ላይ ይለያል?

ላፕቶፕ ላይ ቀዳዳ መምረጥ አይቻልም፣ ያለው አንድ ኤችዲኤምአይ ከሆነና እሱም 1.4 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 120 ጣሪያችሁ ነው። ዩኤስቢ ሲ ካለውና ምስል የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ ግን ከዩኤስቢ ሲ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄድ ገመድ መንገዱን ይከፍተዋል። ሁሉም ዩኤስቢ ሲ ምስል አያወጣም፤ ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የተንደርቦልት ምልክት እንዳለ እዩ፣ ምልክት ከሌለ የላፕቶፑን ሞዴል ዝርዝር መግለጫ አንብቡ።

ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «Settings» ውስጥ «Displays» ገብታችሁ «Refresh Rate» የሚለውን መቀየር ይበቃል። በኤክስ11 የሚሠራ ከሆነ በተርሚናል መጀመሪያ ዝርዝሩን ማየት፣ ቀጥሎ መምረጥ ይቻላል፦

```
xrandr
xrandr --output DP-1 --mode 1920x1080 --rate 144
```

«DP-1» የሚለውን የመጀመሪያው ትእዛዝ በሚያሳያችሁ የእናንተ ቀዳዳ ስም ተኩት። ከቁጥሩ ጎን ያለችው ኮከብ አሁን በሥራ ላይ ያለውን፣ የመደመር ምልክቷ ደግሞ ሞኒተሩ ተመራጭ ያለውን ታሳያለች። ኮከቧና መደመሯ ሁለቱም 60 ላይ ከሆኑ ከላይ የተነጋገርነው ነገር በዓይናችሁ ፊት ነው።

ቅንብሩ አንዴ ከተያዘ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራም ይቆያል፣ መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው። ገመዱን ወደ ሌላ ቀዳዳ ስታዞሩ፣ ሁለተኛ ስክሪን ስትጨምሩ ወይም ዊንዶውስን እንደ አዲስ ስትጭኑ ግን ወደ 60 ሊመለስ ስለሚችል «Advanced display»ን ከፍታችሁ እንደገና እዩት።